«አንድ ለሁለት ለሦስት» ስንት ከረጢት ነው?

በጓሮው 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ማድ ቤት የሚሠራ ሰው የወለሉን ኮንክሪት ፎርማኑን ቢጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አንድ ለሁለት ለሦስት»። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ይዞ ሲሚንቶ ሱቅ ሲደርስ ግን ሻጩ ስለ እጅ አያውቅም። የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል?» ብሎ ነው። አሸዋ ሻጩ ደግሞ ሜትር ኩቡን ወይም የመኪናውን ጭነት ነው የሚያውቀው።

ፎርማኑ የሚናገረው በስፍር ነው። ሻጩ የሚሸጠው በሚዛን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው አራት መስመር የማይሞላ ሒሳብ ሲሆን፣ በዚህች አራት መስመር ውስጥ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቁጥር አለች።

ስድስት ከረጢት የሚያወጣው ስሕተት

የማድ ቤቷ ወለል ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሚያርፍ የቤት ወለል የተለመደ ውፍረት ነው። 4 በ3 በ0.10 ሲባዛ 1.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም።

ስሕተቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው «አንድና ሁለት ሦስት፣ ሦስትና ሦስት ስድስት» ይልና 1.2ን ለ6 ያካፍላል። 0.2 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ያገኛል። ልቅ የሆነ ሲሚንቶ በሜትር ኩብ 1440 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ 0.2 ሜትር ኩብ 288 ኪሎ ይሆናል። በ50 ኪሎ ከረጢት ሲካፈል ስድስት ከረጢት አይሞላም። ባለቤቱ ሦስት ኩንታል ገዝቶ በደስታ ይመለሳል።

በሙሌቱ ቀን ግን ስድስተኛው ከረጢት ሲያልቅ ኮንክሪቱ የሚደርሰው ከ4 ሜትሩ 2.7ቱ ላይ ብቻ ነው። የቀረው 1.3 ሜትር ባዶውን ይቆያል። አንድ ሰው ሲሚንቶ ፍለጋ ይሮጣል፤ ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ሥራው ለነገ ያድራል። በማግስቱ የሚፈሰው ኮንክሪት ከትናንቱ ጋር አይዋሐድም፤ በመካከላቸው ደካማ መስመር ይቀራል፤ ወለሉም ውሎ አድሮ በዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል።

የጎደለው ምንድን ነው? አንድ ማሰሮ ባቄላ ላይ አንድ ጣሳ ጤፍ ቢደፋ ጤፉ በባቄላው መካከል እየሾለከ ይገባል፤ ማሰሮውም እምብዛም አይጨምርም። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት አሸዋ ይሞላዋል፤ በአሸዋው መካከል ያለውን ደግሞ ሲሚንቶና ውኃ። ስለዚህ ለየብቻ ሲሰፈሩ ስድስት ሳጥን የነበሩት ቁሳቁሶች ተቦክተው ሲጠቀጠቁ አራት ሳጥን ያህል ብቻ ይሆናሉ።

ይህን ማሟያ ግንበኞችና መሐንዲሶች ባለው ይዘት ላይ በማብዛት ያገኙታል። የተለመደው ማባዣ 1.54 ነው። አንድ ሜትር ኩብ የጠነከረ ኮንክሪት ለማግኘት፣ ለየብቻ ተሰፍሮ ሲደመር 1.54 ሜትር ኩብ የሚሆን ደረቅ ቁሳቁስ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ትክክለኛው ሒሳብ

አሁን ያችው ወለል እንደገና ትሰላ።

1.2 × 1.54 = 1.848 ሜትር ኩብ ደረቅ ቁሳቁስ
1.848 ÷ 6 = 0.308 ሜትር ኩብ፤ ይህ «አንድ እጅ» ነው

ሲሚንቶው አንድ እጅ ነው፤ 0.308 ሜትር ኩብ በ1440 ሲባዛ 443.5 ኪሎ፣ ማለትም 8.87 ከረጢት ይሆናል። ዘጠኝ ከረጢት መሆኑ ነው። አሸዋው ሁለት እጅ ስለሆነ 0.616 ሜትር ኩብ፣ ጠጠሩ ሦስት እጅ ስለሆነ 0.924 ሜትር ኩብ ነው። ስድስት ከረጢት ይበቃል ከተባለበት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሦስት ከረጢት ነው፤ ያቺ የተረሳች ማባዣ ያመጣችው ነው።

1.54 ከየት እንደመጣ ማየት የሚፈልግ ሰው በአንድ ከረጢት ሊፈትነው ይችላል። 50 ኪሎ ሲሚንቶ በልቅነቱ 35 ሊትር ያህል ይይዛል። ከእርሱ ጋር 70 ሊትር አሸዋና 105 ሊትር ጠጠር ይገባል፤ ድምሩ 210 ሊትር ነው። በመካከላቸው ያለው አየር ከስሌቱ ቢወጣ ግን ሲሚንቶው ወደ 16፣ አሸዋው ወደ 40፣ ጠጠሩ ወደ 58 ሊትር ይወርዳል። ማቡኪያው ውኃ 26 ሊትር ገደማ ሲጨመርበትና ሳይወጣ የሚቀረው ጥቂት አየር ሲታሰብ፣ 143 ሊትር አካባቢ ኮንክሪት ይገኛል። 210 ለ143 ሲካፈል 1.47 ይመጣል። 1.54 ከዚህ በትንሹ ከፍ ያለ ነው፤ ትርፉ ከአካፋ ለሚፈሰውና በማቡኪያው ላይ ተጣብቆ ለሚቀረው ነው።

ውጤቱን በሌላ መንገድም ማመሳከር ይቻላል። በዚህ ሒሳብ ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት የሚገባው ሲሚንቶ 370 ኪሎ ገደማ ነው። በኢትዮጵያ የሥራ ዝርዝሮች ውስጥ ሲ-25 የተባለው ኮንክሪት ብዙውን ጊዜ «በሜትር ኩብ ከ360 ኪሎ የማያንስ ሲሚንቶ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ስሌቱ መንገዱን እንዳልሳተ ያሳያል።

አሥረኛው ከረጢት

በወረቀት ላይ ዘጠኝ ከረጢት ከወጣ ለምን አሥር ይገዛል? ምክንያቱ የድንጋይ ንጣፉ ነው። ከኮንክሪቱ በታች የሚደረደረው ድንጋይ ወጣ ገባ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጉድጓድ በደቃቅ ጠጠር በደንብ ካልተሞላ ኮንክሪቱን ይጠጣዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የታሰበው ውፍረት በአማካይ 11 ቢሆን፣ 12 ካሬ ሜትር ላይ የሚጨመረው 0.12 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ብቻውን አንድ ከረጢት ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ስለዚህ ለዚህች ማድ ቤት የሚያስተማምነው ግዢ አሥር ከረጢት፣ ማለትም አምስት ኩንታል ነው። ጠጠሩም በዚያው መጠን ሲያድግ አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በገበያ 02 የሚባለው፣ ፍሬው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ጠጠር ለዚህ ውፍረት ይስማማል። አሸዋው ወደ 0.68 ሜትር ኩብ ያድጋል። ይህ ቁጥር ግን ለደረቅ አሸዋ ነው።

ከሙሌቱ በፊት በነበረው ቀን ከጎን ጣውላ እስከ ጎን ጣውላ ሲባጎ ወጥሮ፣ በተለያየ ቦታ ከሲባጎው እስከ ድንጋዩ ያለውን ጥልቀት መለካት ተጨማሪው ከረጢት ይበቃ እንደሆነ ይናገራል። አሥር ቦታ ተለክቶ አማካዩ 12 ሴንቲ ሜትር ከመጣ፣ መፍትሔው ንጣፉን በደቃቅ ጠጠር ደልድሎ መጠቅጠቅ ነው። ያለዚያ ጉድጓዱ የሚሞላው በሲሚንቶ ዋጋ ነው።

እርጥብ አሸዋ ያብጣል

ወደ አዲስ አበባ ከመቂና ከላንጋኖ አካባቢ የሚመጣው አሸዋም ሆነ ሌላው፣ ከመኪና ሲራገፍ ብዙ ጊዜ እርጥበት አለው። ትንሽ ውኃ የነካው አሸዋ ፍሬዎቹን የሸፈነው ቀጭን የውኃ ቆዳ እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። በዚህ የተነሣ ያው አሸዋ፣ ያው ፍሬ፣ ቦታ የሚይዘው ከደረቁ በላይ ነው። እርጥበቱ ከክብደቱ አምስት በመቶ አካባቢ ሲሆን እብጠቱ 25 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ አሸዋው በደቀቀ መጠን ይብሳል። ነገሩ የሚገርመው አሸዋው ጨርሶ በውኃ ሲጠልቅ እብጠቱ ጠፍቶ ወደ ደረቁ ስፍር መመለሱ ነው።

ፈተናው የሚሠራውም በዚሁ ባሕርይ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ዕቃ፣ ለምሳሌ የቀለም ጣሳ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ በእርጥቡ አሸዋ ሳይጠቀጠቅ ይሞላል። ከዚያ አሸዋው ይገለበጥና ዕቃው እስከ ግማሽ ውኃ ተደርጎበት አሸዋው ቀስ እያለ ይመለሳል፤ በእንጨትም ይወጋጋል። ሲረጋ 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተገኘ የጠፋው 4 ለ16 ሲካፈል እብጠቱ 25 በመቶ ነው።

ለማድ ቤቷ ወለል ይህ ማለት 0.68 ሜትር ኩቡ ወደ 0.85 ያድጋል ማለት ነው። በማቡኪያው ሰዓትም ለአንድ ከረጢት የሚገባው ሁለት ሳጥን አሸዋ ሁለት ተኩል ሳጥን ይሆናል። እርማቱ ካልተደረገ የሚገባው አሸዋ በእውነቱ አንድ ሳጥን ከ60 በመቶ ብቻ ነው። ኮንክሪቱ ሸካራ ይሆናል፤ ጠጠሩ ራቁቱን ይታያል፤ ሠራተኛው ለማለስለስ ብሎ ውኃ ይጨምራል። ሲሚንቶውም ቀድሞ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ከረጢት የሚሰጠው ኮንክሪት ቀንሷልና።

ሳጥኑና ጀሪካኑ

ሲሚንቶ በሳጥን አይሰፈርም። ከከረጢቱ ሲራገፍ ይነፋል፣ ሲቆይ ይጠቀጠቃል፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ክብደት እንደ አገላበጡ ይለያያል። ስለዚህ «አንድ እጅ» ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ከረጢት ይሆናል፤ የሚለካው አሸዋውና ጠጠሩ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የ35 ሊትር ሳጥን ነው። ውስጡ 50 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 17.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በጣውላ ይሠራል።

በብዙ ቦታ የሚታየው ሳጥን ግን ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ቀላል ይመስላል፤ ሳጥኑ ግን 40 ሊትር ሆኗል። ሁለት አሸዋና ሦስት ጠጠር ሲሰፈርበት በከረጢቱ ላይ 25 ሊትር ትርፍ ይገባል። የሲሚንቶው መጠን በሜትር ኩብ ከ370 ገደማ ወደ 330 ገደማ ይወርዳል። ባለቤቱ አንድ ከረጢት የተረፈው መስሎት ይደሰታል እንጂ የወለሉ ጥንካሬ እንደ ቀነሰ አያይም። ሳጥኑ ተቆልሎ ከተሞላም ውጤቱ ያው ነው፤ አፉ በቀጥ ጣውላ ተጠርጎ ልክ መሆን አለበት። በአካፋ ቆጥሮ መስፈር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ እርጥብ አሸዋ አካፋው ላይ ይቆለላል፣ ጠጠር ግን ይንሸራተታል።

ውኃው በምጥጥኑ ውስጥ አይጠቀስም፤ ጥንካሬውን አብዝቶ የሚወስነው ግን እርሱ ነው። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር፣ ማለትም የሲሚንቶውን ክብደት ግማሽ፣ ጥሩ መነሻ ነው። አሸዋው አምስት በመቶ እርጥበት ካለው በከረጢቱ የሚገባው አሸዋ አምስት ሊትር ያህል ውኃ ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ሚክሰሩ ውስጥ የሚጨመረው 20 ሊትር፣ ልክ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። በእጅ አካፋ የሚቦካ ከሆነ ጥቂት ሊጨመር ይችላል። በአንድ ከረጢት ላይ ግማሽ ጀሪካን መጨመር ግን ከጥንካሬው ሲሶ ያህሉን ሊወስድ ይችላል። ብዙ ውኃ የገባበት ኮንክሪት በሚፈስበት ሰዓት ይታወቃል፤ ጠጠሩ ከታች ይቀራል፣ ከላይ ውኃ ያቆራል፤ ከደረቀ በኋላም ገጹ በእግር ሲታሸ አቧራ ይሆናል።

ጣውላው ላይ የተሰመረ ምልክት

ሒሳቡ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ሥራው ሲያልቅ ከሆነ ዘግይቷል። በየከረጢቱ ማረጋገጥ ይቻላል። አንድ ከረጢት ከሁለት ሳጥን አሸዋና ከሦስት ሳጥን ጠጠር ጋር 210 ሊትር ነው፤ ለ1.54 ሲካፈል 136 ሊትር ኮንክሪት ይሰጣል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1.36 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ወለሏ 3 ሜትር ስፋት ስላላት፣ አንድ ከረጢት በርዝመቷ 45 ሴንቲ ሜትር ያስኬዳል።

ፎርማኑ በጎን ጣውላው ላይ በየ45 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ቢያሰምር፣ እያንዳንዱ ከረጢት ተቦክቶ ሲፈስና ሲደለደል ከቀጣዩ ምልክት አጠገብ መድረስ አለበት። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ ደግ ነው፤ ስሌቱ ለሚፈሰው የተወው ትርፍ ነው። 50 ላይ ከደረሰ ወይ ሳጥኑ ትልቅ ነው ወይ ወለሉ ቀጥኗል። ወደ 40 ከወረደ ድንጋዩ እየጠጣ ነው፣ ወይም የአሸዋው እብጠት አልታረመም። ሁለት ከረጢት ከፈሰሰ በኋላ የታወቀ ጉድለት ገና ሰባት ከረጢት የሚታረምበት ጊዜ አለው፤ ተጨማሪ ሲሚንቶ ማስመጣት ካስፈለገም ሰው የሚላከው የፈሰሰው ሳይደርቅ ነው።

ሌላ መጠን ያለው ወለል የሚሠራ ሰው ከዚሁ ስሌት ለአንድ ሜትር ኩብ የሚወጣውን ይዞ ማብዛት ይችላል፤ 7.4 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 0.51 ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ፣ 0.77 ሜትር ኩብ ጠጠር። ምጥጥኑ አንድ ለሁለት ለአራት ከሆነ ደግሞ 1.54 የሚካፈለው ለ6 ሳይሆን ለ7 ነው፤ የተቀረው መንገድ አይለወጥም።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግን መታወቅ አለበት። ሲ-25 የሚለው ስም በ28 ቀን ተጨፍልቆ የሚፈተን የጥንካሬ መለኪያ ነው፤ አንድ ለሁለት ለሦስት ግን የአቀማመም መመሪያ ብቻ ነው። አሸዋው ጭቃ ካለበት፣ ሲሚንቶው እርጥበት ነክቶት ከጠጠረ፣ ወይም ወለሉ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውኃ ካልጠጣ፣ ምጥጥኑ ልክ ሆኖም ጥንካሬው ላይገኝ ይችላል። መሬት ላይ ለሚያርፍ የማድ ቤት ወለል ይህ አለመተማመን ይቻላል። በምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ከሥሩ ለሚያድርበት ሶሌታ ግን የፌሮው ብዛት፣ ውፍረቱና የኮንክሪቱ ቅመማ በመሐንዲስ ተሰልቶ፣ ከሙሌቱ ዕለት የተወሰደ ናሙናም በላቦራቶሪ ተፈትኖ መወሰን አለበት።